አምስት ደቂቃ ለመግቢያ

መምህር አሻግሬ የሚኮራው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። መልኩ እንደ ነገሩ ነው፤ ደመወዙ ወር አያደርሰውም፤ ጨዋታ እንኳ ብዙ አይሆንለትም። ግን ደወሉ ተደውሎ፣ ልጆቹ እየተገፋፉና አፍንጫቸውን በእጃቸው እየጠረጉ ሲገቡ፣ ያንን ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ማሰኘት ያውቅበታል። በአለንጋ እንዳይመስላችሁ። በአንዲት ጥያቄ ነው።

ይህን ያስተማሩት በመምህራን ማሠልጠኛው የነበሩ አንድ ቆፍጣና ሽማግሌ ናቸው። «ልጅ ባዶ እንስራ አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው አለ። መጀመሪያ ያንን አስወጣው፤ ከዚያ ያንተን ጨምርበት። በአምስት ደቂቃ ልቡን ካላገኘኸው ቀሪውን ሰዓት የምታወራው ከግድግዳ ጋር ነው» ይሉ ነበር። ደግሞም ጥያቄ ሲጠየቅ ስም አስቀድሞ መጥራት ነውር እንደሆነ ነገሩት። ስሙን ከጠራህ የተጠራው ብቻ ይደነግጣል፣ ሌላው ይተኛል። ጠይቅ፤ ዝም በል፤ ሁሉም በልቡ መልሱን ይፈልግ፤ ከዚያ ነው ስም የምትጠራው። አሻግሬ ይህንን እንደ ዳዊት ደገመው። የትምህርት ዕቅዱን ሲያወጣ ዓላማውንና አቀራረቡን በቶሎ ጽፎ፣ «መግቢያ፦ አምስት ደቂቃ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግማሽ ምሽቱን ይፈጅ ነበር።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። አሻግሬ በሚያስተምርባት በመካነ ሰላም ከተማ ሰው ሰላምታውን እንኳ አሳጥሮት ነበር። ከደሴ የሚመጣ መኪና ሲቆም ማን ወረደ ብሎ የሚያይ እንጂ እንኳን ደህና መጣህ የሚል ጠፋ። ግድግዳም ጆሮ አለው ይባል የነበረው ተረት ቀርቶ እውነት ሆነ። አሻግሬ የደጎሎ ሰው ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። እሱም እንደ ሰዉ አፉን ዘግቶ ይኖር ነበር፤ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር።

በዚያ ሳምንት የአራተኛ ክፍል የእርሻ ትምህርት እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ ነበር። አሻግሬ ለመግቢያው የመረጣት ጥያቄ ቀላል ናት። «እናንተ ቤት እህል የሚቀመጠው የት ነው?» በአራተኛ «ሀ» ክፍል ሲጠይቃት ክፍሉ ፈላ። አንዱ ጎታ ይላል፣ አንዷ ጎተራ፣ ሌላው አቁማዳ። አንዱ የገበሬ ልጅ ደግሞ ተነሥቶ ጉድጓዳቸው በረቱ ውስጥ ከላሞቹ መኝታ ሥር እንደሆነ፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ ላዩ በእበት እንደሚለቀለቅ፣ እንግዳ ሰው ቢረግጠው እንኳ እንደማያውቀው አንድ በአንድ አስረዳ። ልጆቹ ትምህርት መጀመሩን ሳያውቁት ተምረው ነበር። አሻግሬ በደስታ ላብ አላበው።

እንግዲህ ደስታም ጠላት ይሆናል። ዲሬክተሩ አቶ ካሳ በመስኮቱ ሲያልፉ ቆመው ሰምተውት ኖሯል። አቶ ካሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትምህርት ቤታቸው ሲመሰገን ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው እንጂ። ማታውኑ ለወረዳው ካድሬ ለጓድ አድማሴ ነገሩት፤ እንዲህ ያለ መምህር አለኝ፣ ልጆቹን በአንድ ጥያቄ ያናግራቸዋል ብለው። ጓድ አድማሴ ስለ ነቀዝ ምንም ግድ የለውም። ግን በየበረቱ ሥር ጉድጓድ እንዳለ፣ ላዩ እበት እንደሚለቀለቅ፣ ያንንም ልጆች በደስታ እጃቸውን አውጥተው እንደሚናገሩ ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ልጅ አይዋሽም አለ። ከነገ ወዲያ በአራተኛ «ለ» ያው ትምህርት ሲሰጥ ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ እንደሚሰማም ቃል ገባ።

በማግሥቱ አቶ ካሳ ይህንን የምሥራች ብለው ለአሻግሬ ሲነግሩት ፊታቸው ላይ ደስታና ፍርሃት ተደባልቆ ነበር። ዕቅዱን ፈርመው መለሱለትና ያቺን ጥያቄ እንዳይለውጣት፣ ጓድ የሚመጣው እሷን ሊሰማ እንደሆነ ደጋግመው አስጠነቀቁት። አሻግሬ እሺ አለ። ቅር ቢለውም ምክንያቱን ገና አላወቀውም።

ያወቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እማማ ይታይሽ መጡ።

እማማ ይታይሽ የድንቅነሽ እናት ናቸው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። በክፉው ቀን፣ በስልሳ አምስቱ ረሃብ፣ ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረው የቀሩላቸው ድንቅነሽና ደሴ ተማሪ የነበረው ታላቅ ወንድሟ አራጌ ብቻ ናቸው። ድንቅነሽ ደግሞ የአራተኛ «ለ» አንደኛ ናት። ዓምና ስትመጣ ስሟን ሲጠሯት የምታለቅስ ልጅ ነበረች። አሻግሬ ነው እጇን እንድታወጣ ያደረጋት፤ የምታውቀውን ተናገሪ፣ ብትሳሳቺም አይዞሽ፣ ያወቁትን መደበቅ ነው ነውሩ እያለ። አሁን ጥያቄው ሳያልቅ እጇ ጣራ ሊነካ ይደርሳል።

እማማ ይታይሽ ያመጡትን ጥቂት የገብስ ቆሎ አስቀምጠው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ በሩን ዘጉት። ልጃቸው ነገ ታማለችና ትቅር ብለው ጠየቁት። ነገ የምትታመም ልጅ! አሻግሬ ሳቅ ብሎ፣ ነገ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ አንደኛዋ ተማሪ ብትቀር አቶ ካሳ ሰው ልከው ከቤት እንደሚያስመጧት ነገራቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«መምህር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ያቺ ስለ ጉድጓድ የጠየቋት ጥያቄ፣ ልጆቹ ሁሉ እየተቀባበሏት ነው። የኔዋም ነገ እኔም እመልሳለሁ ብላ ስትለማመድ ዋለች። የኛ ጉድጓድ ከክፉው ቀን ወዲህ እህል አልገባበትም።»

«ታዲያ ባዶ ነው ትበላ፤ ምን ችግር አለው?»

«ባዶ አይደለማ።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። መጨመርም አላስፈለጋቸውም፤ አራጌ ከደሴ ከጠፋ ወራት እንዳለፉት፣ ስሙም የቀበሌው በር ላይ ከተለጠፉት ተፈላጊዎች መካከል እንደሆነ አገር ያውቃል። አሻግሬ ጆሮውን ቆርጦ መጣል አማረው። ያልሰማ ሰው አይጠየቅም። የሰማና ያልተናገረ ግን ምን እንደሚደረግ በዚያ ሰሞን በመንገድ ዳር ተጥሎ ሁሉም አይቶታል። ፈራ። ሴትዮዋን ተቆጣቸው ማለት ይቻላል፤ ለምን ነገሩኝ አላቸው። እሳቸው ግን መልሳቸው አንድ ነበር፤ ልጄን እንድትናገር ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፣ ለማን ልንገር? እውነታቸውን ነው።

ሲወጡ አደራ ያላቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷን እንዳያስፈራሯት። የፈራ ልጅ ያልተጠየቀውን ይለቃል፤ ይህን አሻግሬ ከክፍል ያውቀዋል። አብሽሩ፣ እኔ ነገሩን እይዘዋለሁ አላቸው። እንዴት እንደሚይዘው ግን አያውቅም ነበር።

ኩራዙን ለኮሰና ዕቅዱን ፊቱ ዘረጋ። መግቢያ፦ አምስት ደቂቃ። ስንት ምሽት በደስታ የተቀመጠባት ቦታ አሁን አላስቀምጥ አለችው። ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይላል ያገሬ ሰው፤ እሱስ መች ለክፉ ቆፈረ? ለማስተማር ነበር!

መጀመሪያ በተረት ልጀምር አለ። አይጥና ጎተራ፣ የሚያስቅ ተረት ያውቃል። ግን በተረት የሚናገረው መምህሩ ነው፤ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ሳይነካ ይቀራል። ጓድም ጥያቄዋ የታለች ይላል። ተወው። በዘፈን ልጀምር አለ። ዘፈን ያነቃቸዋል፤ ግን ወደ ነቀዝ የሚወስድ መንገድ የለውም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ያንንም ተወው። ከዚያ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣለት። ስለ ረሃቡ ልጠይቃቸው፤ በክፉው ቀን እህል እንዴት አለቀ ብዬ። ካድሬው ይወደዋል፤ የድሮውን መንግሥት መርገሚያ ነው። ግን የእነዚያን ልጆች ፊት አሰበ። ከመካከላቸው ወንድም ወይ እናት ያልቀበረ ስንት አለ? ያንን ከቀሰቀሰው መልሶ አያስተኛውም። የሚነቃው ሁሉ ለትምህርቱ አይሆንም፤ ልጁን ይዞት ይሄዳል እንጂ ወደ ነቀዝ አይመልሰውም። ሰረዘው።

ጥያቄዋ መቅረት አትችልም። ድንቅነሽም መቅረት አትችልም። እህ! ሁለቱ አንድ ላይ ባይገናኙስ?

ይህንን ሲያስብ ዓይኑ ቆሎው ላይ ነበር፤ ከቆሎው ወደ ምድጃው አለፈ። አመድ። እናቶች ገብስን ከነቀዝ የሚጠብቁት በደንብ አድርቀው፣ ጥሩ አመድ ለውሰው ነው። ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። የዕቅዱም የማስተማሪያ መሣሪያ ላይ አመድ ተጽፏል። መምህሩ አመዱን ረስቶ ቢመጣስ? ከትምህርት ቤቱ በጣም ቅርብ ቤት የማን ነው? የድንቅነሽ! እሷ አመድ ልታመጣ ስትወጣ ጥያቄዋን እንደተጻፈች ለክፍሉ ያቀርባታል። ጉድጓድ የሌላቸውን የነጋዴ ልጆች ይጠራል። ድንቅነሽ ስትመለስ ስለ አመዱ ነው የሚወራው።

ደስ አለው። ከፍርሃቱ መሐል የሥራው ደስታ ብቅ አለች፤ ሰው እኮ ጉድ ነው። ለመግቢያውም መግቢያ ያስፈልጋል፤ አመዱ እንዲነሣ ነቀዙ መምጣት አለበት። በማለዳ ከገበያው ዳር ካለች እህል ሻጭ የተነቀዘ ገብስ ለመነ። ሴትዮዋ ለምን እንደፈለገው ስላልገባት ሳቀችበት። ገብሱን በቆርቆሮ ጣሳ አደረገው። ጣሳው በረሃቡ ጊዜ የዕርዳታ ወተት የመጣበት ነው፤ ልጆቹ ያንን ጣሳ ሲያዩ የሚያስቡት ሌላ እንዳይሆን በጨርቅ ጠቀለለው። ጆሮውን ሲያስጠጋው ነቀዙ ውስጥ ውስጡን ሲርመሰመስ ይሰማል።

ደወሉ ተደወለ። አራተኛ «ለ» ገብቶ ተቀመጠ። አቶ ካሳና ካድሬው አልመጡም።

አሻግሬ በመስኮቱ የዲሬክተሩን ቢሮ አየ። ባይመጡ ምንኛ በወደደ። ግን የመጡ እንደሆነ ጥያቄዋ በፊታቸው መጠየቅ አለባት፤ ልጅቷም ያኔ ውጪ መሆን አለባት። አሁን ቢልካት እነሱ ሳይደርሱ ትመለሳለች። ስለዚህ የቢሮው በር ላይ ዓይኑን ተክሎ ጣሳውን ከፍ አደረገና ዝም አለ። ክፍሉም ዝም አለ። ከዚያ ጣሳውን ለፊተኛው ልጅ ሰጥቶ፣ ሳትናገር ስማና አሳልፍ አለው። ጣሳው ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ። አንዱ ዓይኑ ይፈጣል፣ አንዷ አፏን በእጇ ትይዛለች። ድንቅነሽ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለች፤ አውቃዋለች።

«ምንድን ነው?» አለና ጠበቀ። እጆች ወጡ። ነቀዝ ነው አሉ። ማነው ያየው፣ የት አየው፣ እናታችሁ ስታየው ምን ታደርጋለች እያለ አንድ በአንድ አስወጣቸው። ማድረቅ አሉ፣ ማንፈስ አሉ፣ በመጨረሻ ድንቅነሽ አመድ መለወስ አለች። በዚያው ቅጽበት የቢሮው በር ተከፈተና ሁለቱ ሰዎች ወጡ።

አሻግሬ ግንባሩን መታ። አመዱን ረሳሁት አለ፤ ድንቅነሽ፣ የናንተ ቤት ቅርብ ነው፣ እስቲ ሮጠሽ በገል አድርገሽ አምጪልኝ። ልጅቷ ደስ ብሏት በረረች። አሻግሬ የሰዎቹን እርምጃ ይከታተል ጀመር። ሜዳው አጋማሽ፣ ባንዲራው ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ተገናኝተው ነው የቆሙት። ካድሬው የሚያጣራው ነገር ነበረው መሰለኝ፤ ሽማግሌውን ዘበኛ ፊት ለፊቱ አቁሞ ጣቱን እያወዛወዘ ይጠይቀዋል። አሻግሬ ጠበቀ። ልጆቹ መንጫጫት ጀመሩ። ትኩረት እንደ ትኩስ እንጀራ ነው፤ ቆይቶ አይጥምም። ልጅቷም ልትመለስ ነው። ጠይቆ ቢጨርሰውና ካድሬው ሲገባ አልፏል ቢለውስ? ጥያቄዋን ጠየቀ። የነጋዴ ልጆች መለሱ፤ ጎታ፣ ጆንያ፣ የሱቅ ጓዳ። ምንም አልሆነም። አምስቱ ደቂቃ እንዳሰባት አለቀች፤ ደህና አለቀች። አሻግሬ ተነፈሰ።

በሩ ተከፈተ። ድንቅነሽ ገሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ካድሬውና አቶ ካሳ ቆመዋል።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ። ጓድ አድማሴ ገና ወጣት ነው፤ ፊቱ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የታረመ። ከኋላ ወንበር ተሰጠው። ይቅርታ ስለዘገየሁ አለና፣ ጥያቄዋ ተጠየቀች ወይ ብሎ ጠየቀ። አሻግሬ መግቢያው እንዳለቀ፣ ወደ አቀራረቡ እየገቡ እንደሆነ ነገረው።

«እንደገና ጀምራ።»

«ጓድ፣ መግቢያ አንድ ጊዜ ነው የሚያምረው። መልሱን ሰምተውታል፤ ሲደገም ይሰለቻሉ።»

«ለእኔ አዲስ ነው» አለ ካድሬው በፈገግታ።

አሻግሬ አቶ ካሳን አየ። አቶ ካሳ መሬት ያያሉ። ምን ይደረግ፣ ጣሳውን አነሣ። ያቺ ከትንሽ ጊዜ በፊት ዓይን ያስፈጠጠች ጣሳ አሁን እንደ ማንኛውም ጣሳ ዞረች። ልጆቹ ጆሯቸውን እንኳ በወጉ አላስጠጉም፤ አንዱ አዛጋ። አሻግሬ ሆን ብሎ አጓተተው፤ ነቀዝ ስንት እግር አለው፣ ገብስ ይወዳል ወይስ ባቄላ እያለ ከዕቅዱ የሌለ ሁሉ ጠየቀ። ድንቅነሽ አመዱን አስቀምጣ ቦታዋ ተቀምጣለች። አላያትም። ላለማየት ብሎ አንገቱ ደረቀ።

ጥያቄዋስ አለ ካድሬው።

አሻግሬ ጥያቄዋን ጠየቀ። «እናንተ ቤት እህል የሚቀመጠው የት ነው?»

ከዚያ ዝም አለ፤ ልማዱ ነው። ያ ዝምታ ነው የገደለው። ስም ቶሎ ቢጠራ ኖሮ! እጆች ሲወጡ ካድሬው በጀርባቸው በኩል እያየ መረጠ።

«ያቺ አመድ ያመጣችው ትመልስ።»

ድንቅነሽ ተነሣች። አሻግሬ አሁን አያት። ፊቷ አመድ ነክቶታል። የእጆቿ ጣቶች ደግሞ ቀሚሷን ጨምድደው ይዘውታል። አፏን ከፈተች። የአሻግሬ ጆሮ ጮኸ፤ ክፍሉ፣ ሰዎቹ፣ ሁሉ ራቀው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዲት ቃል ናት የቀረችው።

«አላውቅም» አለች።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ልጆቹ ዘወር ዘወር ብለው አዩዋት። ድንቅነሽ አላውቅም ስትል ሰምተው አያውቁማ! ካድሬው ልጆቹ ያዩትን አየ። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ፤ አጠገቧ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«የገበሬ ልጅ አይደለሽ? እህላችሁ የት እንደሚቀመጥ አታውቂም? ወይስ አትናገሪ ያለሽ አለ?»

ጎኗ የተቀመጠው ውበቱ፣ ሁልጊዜ ከእሷ ቀጥሎ ሁለተኛ የሚወጣው፣ እሷን በነጥብ ለመብለጥ እንቅልፍ የሚያጣው ልጅ፣ እጁን ማንሣት ጀመረ። ምን ሊል እንደሆነ አሻግሬ አወቀ። እሷ እኮ አንደኛ ናት ሊል ነው።

አሻግሬ የሚለውን አላሰበበትም። ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

«ጓድ፣ በከንቱ አይድከሙ» አለ። «ይቺ ደደብ ናት። ዓመቱን ሙሉ ሳስተምራት አንድ ቀን መልሳልኝ አታውቅም። አመድ ተሸካሚ ናት፤ ለዚያ ነው የላክኋት።»

ድንቅነሽ ቀና ብላ አየችው።

የውበቱ እጅ አየር ላይ ቀርቷል። ካድሬው ወደ አቶ ካሳ ዞሮ እውነት ነው ወይ አላቸው። ልብ በሉ፤ አቶ ካሳ ባለፈው ሰሚስተር የአንደኛነት ሽልማቷን ሰንደቅ ዓላማው ሥር በእጃቸው የሰጧት ናቸው። ምንም አያውቁም፤ ስለ ጉድጓዱም፣ ስለ ወንድሟም። ግን በዚያ ዘመን ያረጀ ሰው የመምህሩን ፊት አንዴ አይቶ የሚገባው ይገባዋል። አቶ ካሳ ሳቁ። ጮክ ብለው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እሷማ መዝገባችንን አበላሽታዋለች» አሉ።

ዲሬክተር ሲስቅ ልጅ ይስቃል። ፊተኞቹ ጀመሩ፣ ኋለኞቹ ተከተሉ፣ ውበቱም እጁን አውርዶ ሳቀ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ካድሬውም ፈገግ አለና አንቺ ደግሞ ቢያንስ አመድ አትድፊ ብሎ ራሷን ነካ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ሌሎች ሁለት ልጆች ጠየቀ፤ ሁለቱም የከተማ ልጆች፣ ጎታ አሉት። ሰለቸው። ትምህርቱ ሳይጋመስ ሰዓቱን አይቶ፣ ጥያቄዋ ጥሩ ናት፣ ግን ልጆቹ ገና ናቸው ብሎ ሄደ።

አሻግሬ ገብሱን ከአመዱ ጋር ለውሶ አሳየ። ምን እንዳለ ግን አያስታውስም።

ለድንቅነሽ ብቻዋን ሊነግራት ፈለገ። ግን ምን ይላታል? ደደብ አይደለሽም ለማለት ያንን ሁሉ መናገር አለበት፤ ያን ሁሉ ያወቀች ልጅ ደግሞ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ፊት ትቆማለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለና ተወው። አቶ ካሳም ዳግመኛ አላነሡትም፤ በኮሪደሩ ሲተላለፉ ሰላም ይሉትና ቶሎ ያልፋሉ።

እማማ ይታይሽ የመጡት ክረምቱ ሲቃረብ ነው። ከገበያ ሲመለሱ ቆመው፣ ሰው እንዳይሰማ ቅርጫታቸውን የሚያስተካክሉ መስለው፣ አራጌ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም መድረሱን ነገሩት። አላህ ይስጥልኝ፣ ማርያም ትጠብቅህ ብለው ሁለቱንም አንድ ላይ መረቁት። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን የወሎ ሰው ሲመርቅ ይህ ያንተ ይህ የኔ አይልም። ከደስታቸው የተነሣ አንተ አሉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አሻግሬ አንድ ነገር ሲያብሰለስለው ከርሟል። ያን ቀን ልጅቷ አላውቅም ያለችው እንዴት ነው? አያስፈራሯት ብዬዎት አልነበር አላቸው።

እማማ ይታይሽ ፊታቸው ጨለመ። አመድ ልትወስድ ስትመጣ ፈራሁ አሉ። መምህር ያሉኝን ረሳሁት፤ እጇን ይዤ በረት አስገባኋትና ጉድጓዱ አፍ ላይ አስተኛኋት፤ ጆሮሽን አስጠጊ አልኋት። ውስጥ ወንድሟ ሲተነፍስ ሰማች። አንቺ ከተናገርሽ ይህ ድምፅ ይቆማል አልኋት።

አሻግሬ ጣሳው ትዝ አለው። ከጆሮ ወደ ጆሮ ያስዞረው ጣሳ።

«አሁን ግን እግዜር ይመስገን» አሉ እማማ ይታይሽ፤ «ልጄ ጨዋ ሆናልኛለች። ድሮ አፏ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ቤትም ቢሆን አትናገርም። ብትመታ እንኳ አትናገርም።» አመስግነውት ሄዱ።

በማግሥቱ አራተኛ «ለ» ትምህርት ነበረ። አሻግሬ ማታ መግቢያውን ለአንድ ልጅ ብቻ አዘጋጅቶ ነበር፤ ለድንቅነሽ። በጣም ቀላል፣ ከክፍሉ ሁሉ እሷ አብልጣ የምታውቀው፣ ማንንም የማይጎዳ ጥያቄ ነው። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ የበቀለው ዛፍ ምንድን ነው? በየቀኑ ጠዋት በሥሩ ታልፋለች። ጠየቀ። ዝም አለ። እጆች ወጡ። እሱ ግን ማንንም አልጠራም፤ ጠበቀ፣ ሌሎቹ እጃቸው ደክሟቸው እስኪያወርዱ ጠበቀ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ስሟን ጠራ።

ድንቅነሽ ተነሣች። በመስኮቱ ዛፉ ይታያል፤ እሷ ግን የምታየው እሱን ነበር።

«አላውቅም፣ መምህር» አለች። «እኔ ደደብ ነኝ።»